አዲስ ዕቃ ለነባር ደንበኛ ስናስታውቅ፦ ዋጋው፣ ፎቶውና የትዕዛዝ መንገዱ



ዛሬ የዋጋ ዝርዝር አይደለም ይዤ የመጣሁት። ሰሞኑን ከዩኒየን የሽያጭ ሠራተኞችም ከነጋዴዎችም በውስጥ መስመር አንድ ዓይነት ጥያቄ ደርሶኛል። «አዲስ ዕቃ አለን፣ ደንበኛ አለን፣ በቴሌግራም እንዴት ብለን እናስታውቀው?» የሚል ነው። መልሱን ከራሴ ስህተት ተነስቼ ላስረዳችሁ። ምሳሌ የማደርገው የፎገራን ፓርቦይልድ ሩዝ ነው። ቡናና ጤፍ ላይ ያላችሁም እስከ መጨረሻው አንብቡት፣ ነገሩ አንድ ነው።

ካቻምና ነው። ከደብረ ታቦር ወረታ እየተመላለስኩ ለአራት ዓመት ነጭ ሩዝ ያገናኘኋቸው ደንበኞች ነበሩኝ። ወረታ ላይ የማውቃቸው አቀነባባሪዎች ፓርቦይልድ ጀመሩና ዕቃውን እንዳስተዋውቅላቸው ጠየቁኝ። እኔም ማታ መጋዘን ውስጥ አንድ ፎቶ አነሳሁና ቻናሉ ላይ ለጠፍኩት። ጽሑፉ ይኸው ነበር፦ «ፓርቦይልድ ሩዝ ገብቷል። ጥራቱ አንደኛ። ዋጋ 9,200። ይደውሉ።»

በማግስቱ ባሕር ዳር ያሉ ትልቅ ደንበኛዬ ደወሉ። «አንተ ልጅ፣ አራት ዓመት ነጭ ስታቀርብልኝ ኖረህ ዛሬ የከረመ ሩዝ ልታሸክመኝ ነው?» አሉኝ። ፎቶው ላይ ሩዙ ቢጫ ሆኖ ታይቷቸዋል። እውነትም ቢጫ ነበር፣ የመጋዘኑ አምፖል ደግሞ ይበልጥ ቢጫ አደረገው።

ሁለተኛው ጣጣ የባሰ ነው። በአምስተኛው ቀን ያልተፈለፈለው ሩዝ ዋጋ ስለጨመረ እኔም ማስታወቂያውን ኤዲት አድርጌ 9,700 አልኩት። የጨረስኩ መስሎኝ ነበር። ለካ የመጀመሪያው ጽሑፍ ገና ያን ዕለት ከሰው ወደ ሰው ፎርዋርድ ተደርጓል። ቴሌግራም ላይ ቻናሉ ውስጥ ያለውን ስታስተካክሉ ፎርዋርድ የተደረገው ቅጂ አብሮ አይስተካከልም። አንድ ነጋዴ 9,200 የሚለውን ይዞ ለ60 ኩንታል መኪና ይዞ መጣ። ሰውየው ልክ ነው፣ ጽሑፉ የኔ ነው፣ እስከ መቼ እንደሚሠራም የሚል ነገር የለውም። ልዩነቱ በኩንታል 500 ብር፣ በ60 ኩንታል 30,000 ብር። የኔ ኮሚሽን በኩንታል 50 ብር ነበር፣ ጠቅላላው 3,000 ብር ማለት ነው። ቃሌን ላለማጠፍ ልዩነቱን ከኪሴ ከፈልኩ። የኮሚሽኔን አሥር እጥፍ ለአንዲት ያልተጻፈች ቀን ከፈልኩ ማለት ነው።

(እዚህ ጽሑፍ ላይ ያሉት ዋጋዎች ለስሌት ናቸው፣ የዛሬ ገበያ አድርጋችሁ እንዳትወስዷቸው።)

መጀመሪያ፦ ደንበኛው ከለመደው ምን ተለየ?

አዲስ ደንበኛ ዕቃውን ከምንም ጋር አያወዳድረውም። ነባር ደንበኛ ግን ከእናንተ ሲገዛ ከኖረው ጋር ያወዳድረዋል። ስለዚህ ማስታወቂያው «ጥራቱ አንደኛ» ከማለት በፊት ልዩነቱን መናገር አለበት። ልዩነቱን እናንተ ካልነገራችሁት እሱ በራሱ ይተረጉመዋል፣ እንደ ባሕር ዳሩ ደንበኛዬ።

ፓርቦይልድ ማለት ሩዙ ገና ገለባው ሳይወልቅ በሙቅ ውሃ ተዘፍዝፎ፣ በእንፋሎት ተቀቅሎ፣ ደርቆ ከዚያ የሚፈለፈል ነው። ሲቀቀል ውስጡ ያለው ስታርች ይላላና እንደገና ሲደርቅ ይጠነክራል፣ የፍሬው ስንጥቅም ይገጥማል። ስለዚህ መፈልፈያው ውስጥ ሲገባ ስብርባሪው ይቀንሳል። ከሽፋኑ ላይ ያሉት ቫይታሚኖችም በከፊል ወደ ውስጥ ይገባሉ። ቀለሙ ወደ ቢጫ የሚያደላው በዚሁ ምክንያት ነው፣ ከርሞ አይደለም። ምድጃ ላይ ከነጩ ትንሽ ይቆያል፣ ሲበስል ግን አይጣበቅም፣ ፍሬ በፍሬ ነው።

ይህን ስታውቁ ለማን እንደምትልኩትም ታውቃላችሁ። እኛ አካባቢ ሩዝ ብዙው የሚሄደው ከጤፍ ጋር ተቀላቅሎ ለእንጀራ ነው። ለእንጀራ ዱቄት የሚገዛ ሰው የፍሬው ሙሉነት አይጠቅመውም፣ ስለ ሙሉነቱ ተጨማሪ ዋጋ እንዲከፍል መጠየቅም ትርፉ መሰላቸት ነው። ለሆቴል፣ ለሱፐርማርኬትና ከውጭ የሚገባውን ሩዝ ለሚያከፋፍል ጅምላ ነጋዴ ግን ዕቃው የሱ ነው። እኔ አሁን የደንበኞቼን ስም ለሁለት ከፍዬ ነው የምልከው። ለሁሉም የሚሄደው የቻናሉ ማስታወቂያ ራሱ «ለወጥ ቤት እንጂ ለዱቄት አይደለም» የሚል መስመር አለው።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ የቦታና የዝርያ ስም አታደበላልቁ። ለምሳሌ ዋንዛዬ ብትሉ አንዱ የደራውን ፍል ውሃ አካባቢ ያስባል፣ ሌላው ዋንዛዬ የሚባለውን የሩዝ ዝርያ ያስባል። «የተመረተበት፦ ደራ፣ ዝርያ፦ ይህ» ብላችሁ ለየብቻ ጻፉት። ዝርያውን በእርግጠኝነት የማታውቁት ከሆነ አትጻፉት፣ የቀላቀለ ገበሬ ብዙ ነው።

ዋጋው፦ ቁጥሩ ብቻውን ዋጋ አይደለም

«9,200» ብሎ መጻፍ ዋጋ መጻፍ አይደለም። ዋጋ የሚሆነው አራት ነገር ሲከተለው ነው። በምን መለኪያ፣ የት ላይ፣ ምን ተካትቶ፣ እስከ መቼ።

መለኪያው ለእህል ኩንታል ነው፣ 100 ኪሎ። የተጣራ ክብደት መሆኑን ጻፉ፣ ማዳበሪያውን አብሮ የሚመዝን አለ። ቡና ላይ ከሆናችሁ አገር ውስጥ ፈረሱላ ነው፣ 17 ኪሎ። ለውጭ ገዢ ስትልኩ ደግሞ በፓውንድ የአሜሪካ ሳንቲም ይሆናል። አንዱን በሌላው ቦታ ያለ መለኪያ ጽፎ የተጨቃጨቀ ሰው አይጠፋም።

የት ላይ የሚለው ለኛ ትልቅ ነገር ነው። ከወረታ አዲስ አበባ ወደ 600 ኪሎ ሜትር ነው። «ወረታ መጋዘን በር ላይ፣ መኪና ላይ ተጭኖ» እና «አዲስ አበባ እህል በረንዳ ደርሶ» በሚሉት መካከል የመኪና ኪራይ፣ የማውረጃና የመንገድ ወጪ አለ። የምርት ገበያው ሥራ ከጀመረበት ከ2000 ዓ.ም ጀምሮ ዋጋን ከደረጃና ከመጋዘን ጋር አያይዞ የሚያስቀምጠው በከንቱ አይደለም። ገዢው ዕቃውን በዓይኑ ሳያይ የሚገዛው የትኛው ደረጃ የት እንዳለ ስለሚያውቅ ነው። እኛም በቴሌግራም ስንሸጥ ደንበኛው ዕቃውን አላየም።

የተካተተውን ስትጽፉ ማዳበሪያ፣ የጫኝ፣ ታክስ እያላችሁ አንድ በአንድ ነው። «ሁሉንም ያካተተ» የሚባል ነገር የለም፣ እኔ ሁሉም የምለውና ደንበኛው ሁሉም የሚለው አይገጥምም።

እስከ መቼ የሚለውን ላስላላችሁ። ጥሩ መፈልፈያ ላይ ከአንድ ኩንታል ያልተፈለፈለ ሩዝ 66 ኪሎ ያህል የተፈለፈለ ይወጣል እንበል። ያኔ ያልተፈለፈለው በኩንታል 100 ብር ሲጨምር የተፈለፈለው ወጪ 100 አይደለም የሚጨምረው፣ 100 ሲካፈል ለ0.66፣ ማለትም 150 ብር ገደማ ነው። መፈልፈያው ደካማ ሆኖ 60 ኪሎ ብቻ ከወጣ ደግሞ 167 ብር ይሆናል። ስለዚህ የገበሬው ገበያ ትንሽ ሲነቃነቅ የኛ ዋጋ በጣም ይነቃነቃል። በእጃችሁ ተፈልፍሎ መጋዘን ከገባ ዕቃ ላይ ዋጋ ስትሰጡ ለአንድ ሳምንት መቆም ትችላላችሁ፣ ወጪው ታውቋል። ገና ከገበሬ ያልተገዛ ላይ ከሆነ ግን ከሁለት ቀን በላይ ቃል አትግቡ። በሁለቱም ላይ የኩንታሉን ብዛት ጻፉ። «150 ኩንታል እስኪያልቅ» የምትለው ቃል ከቀኑ እኩል ታድናለች።

ከውጭ የሚገባው ሩዝም አለ። የብር ምንዛሪ ሐምሌ 22 ቀን 2016 በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ አስመጪው ዋጋውን በዶላሩ ልክ ነው የሚቀያይረው። ደንበኛችሁ የናንተን ከዚያ ጋር ያወዳድራል። ማስታወቂያው ላይ የሌላውን ዋጋ አትጻፉ፣ ሲደወልላችሁ ግን የዕለቱን እወቁ።

ፎቶው፦ አራት ይበቃል

የመጀመሪያው ንጽጽር ነው። በነጭ ወረቀት ላይ በግራ የለመዱትን ነጭ ሩዝ፣ በቀኝ አዲሱን አንድ አንድ እፍኝ አድርጉ። ጠዋት፣ ከቤት ውጭ፣ ጥላ ውስጥ ይነሳ። በቀጥታ ፀሐይ ላይ ነጣ ይላል፣ አምፖል ሥር ይቢጫል። ወረቀቱ ፎቶው ላይ ነጭ ሆኖ ካልታየ የሩዙም ቀለም ውሸት ነው ማለት ነው፣ ድገሙት። ፊልተር የሚባል ነገር አትንኩ።

ሁለተኛው ስብርባሪው ነው። 100 ግራም መዝኑ፣ የተሰበረውን ለቅማችሁ ለብቻ መዝኑ። ስብርባሪው 8 ግራም ከሆነ 8 በመቶ ነው። ሁለቱን ክምር ከሚዛኑ ጋር አንሱ። «ስብርባሪው ትንሽ ነው» ከሚል መቶ ቃል ይሻላል።

ሦስተኛው ፍሬው ተቆርጦ ነው። አምስት ስድስት ፍሬ በምላጭ ከመሃል ቁረጡ። በደንብ የተቀቀለ ውስጡ አንድ ዓይነትና ብርሃን የሚያሳልፍ ነው። መሃሉ ላይ ነጭ ነጥብ ካለ እንፋሎቱ አልደረሰውም፣ ሲፈለፈልና ሲበስል ይሰባበራል። ቡናማ ከሆነ ደግሞ እሳቱ በዝቶበታል። ይህን ፎቶ የምታነሱት ለደንበኛ ብቻ አይደለም፣ ለራሳችሁም ምርመራ ነው። ነጭ ነጥቡ ከበዛ ማስታወቂያውን አትልቀቁት። አፍንጫችሁንም ተጠቀሙ፣ ለረጅም ሰዓት በቀዝቃዛ ውሃ የተዘፈዘፈ ሩዝ የመኮምጠጥ ሽታ አለው፣ እሱን ፎቶ አያሳይም።

አራተኛው የበሰለው በሳህን ነው። ሆቴል የሚገዛው የበሰለውን ነው።

በእያንዳንዱ ፎቶ ጥግ ላይ ቀንና የማስታወቂያ ቁጥር የተጻፈባት ብጣሽ ወረቀት አድርጉ። የዘንድሮው ፎቶ ለከርሞ እንዳያገለግል፣ ሌላ ሰውም የናንተን ፎቶ የራሱ ዕቃ አስመስሎ እንዳይልክ ይከላከላል። አራቱን በአንድ ላይ ስትልኩ ጽሑፉን ከአንዱ ፎቶ ጋር ብቻ አያይዙት፣ በየፎቶው ከጻፋችሁ ከሥር አይታይም። ጽሑፉ 1,024 ፊደል ካለፈ በተራ አካውንት ከፎቶ ጋር አይሄድም፣ ለሁለት ከተከፈለ ደግሞ ፎርዋርድ ሲደረግ ፎቶው ወዲህ ዋጋው ወዲያ ይሆናል። ጥራቱን አጉልቶ ማየት ለሚፈልግ ደንበኛ ፎቶውን እንደ ፋይል ላኩለት፣ በተራው መንገድ ቴሌግራም ያሳንሰዋል።

የትዕዛዙ መንገድ

«ይደውሉ» የትዕዛዝ መንገድ አይደለም። ደንበኛው ከደወለ በኋላ ምን እንደሚከተል ካላወቀ በየደረጃው ይደራደራል፣ እናንተም ለእያንዳንዱ የተለያየ ነገር ትናገራላችሁ። የኔ አምስት ነው።

አንደኛ፣ ደንበኛው በውስጥ መስመር የማስታወቂያውን ቁጥር፣ የኩንታል ብዛትና መድረሻውን ይጽፋል። ሁለተኛ፣ እኔ በዚያው ቀን በጽሑፍ «ተይዟል» ወይም «አልቋል» እላለሁ፣ ዋጋውንም ደግሜ እጽፋለሁ። የሚያስተሳስረን ይቺ መልስ እንጂ ፎርዋርድ የተደረገው ጽሑፍ አይደለም። ሦስተኛ፣ ናሙና። ከአንድ ክምችት ሁለት ከረጢት ይወሰዳል፣ ሁለቱም ይታሸጋሉ፣ ይፈረምባቸዋል። አንዱ ለደንበኛው በአውቶቡስ ይሄዳል፣ አንዱ ሻጩ ጋ ይቀመጣል። ዕቃው ደርሶ «ይሄ አይደለም» ከተባለ የሚዳኘን የታሸገው ከረጢት ነው። አራተኛ፣ ናሙናው ከተወደደ ቀብድ፣ ቀጥታ በሻጩ ሂሳብ። አምስተኛ፣ የደንበኛው ተወካይ ባለበት ይመዘናል፣ የሚዛኑና የታርጋው ፎቶ ይላካል፣ ቀሪው ተከፍሎ መኪናው ይንቀሳቀሳል።

የባንክ ሂሳብ ቁጥር ማስታወቂያው ላይ በጭራሽ አይጻፍም። ጽሑፋችሁን ገልብጦ ቁጥሩን ብቻ ቀይሮ ለደንበኛችሁ መላክ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። ሂሳቡ በውስጥ መስመር ይሰጣል፣ ደንበኛውም በሚያውቀው ስልክ ደውሎ በድምፅ ያረጋግጣል። ይህን ማስታወቂያው ላይ ጻፉት፣ ደንበኛው ሌላ ሰው ሂሳብ ሲልክለት ይነቃል።

አሁን የምጠቀምበት ጽሑፍ

አዲስ፦ ፓርቦይልድ የፎገራ ሩዝ (ማስታወቂያ ቁ. 07)
ምንድን ነው፦ ሳይፈለፈል የተቀቀለ። ቀለሙ ወደ ቢጫ ያደላል፣ ከአሠራሩ እንጂ ከርሞ አይደለም። ፎቶ 1ን ይመልከቱ።
ለማን፦ ለወጥ ቤት እንጂ ለእንጀራ ዱቄት አይደለም።
ምርት፦ የ2017/18፣ የተመረተበት ፎገራና ደራ
ስብርባሪ፦ 8 በመቶ (ፎቶ 2)፣ እርጥበት ከ14 በመቶ በታች
አያያዝ፦ በ50 ኪሎ የተጣራ፣ የተሰፋ
ዋጋ፦ 9,700 ብር በኩንታል፣ ወረታ መጋዘን በር ላይ ተጭኖ
ያለበት፦ ማዳበሪያና የጫኝ። የሌለበት፦ የመኪና ኪራይና ማውረጃ።
የሚቆየው፦ ከጥር 12 እስከ ጥር 16 ቀን 2018፣ ከቀኑ 11 ሰዓት፣ ወይም 150 ኩንታል እስኪያልቅ
ዝቅተኛ ትዕዛዝ፦ 10 ኩንታል
ለማዘዝ፦ ቁ. 07፣ ብዛትና መድረሻ በውስጥ መስመር ይጻፉ። «ተይዟል» የሚል መልስ ሳይደርስዎት መኪና አይላኩ።
ሂሳብ ቁጥር እዚህ አንጽፍም። በስልክ ሳያረጋግጡ አይክፈሉ።

እርጥበቱን በመለኪያ ካልለካችሁት ያንን መስመር አውጡት። ደንበኛው መለኪያ ካለው ከናንተ በፊት ያውቀዋል።

ዋጋ ሲቀየር ኤዲት አታድርጉ። አሮጌው ላይ «ተዘግቷል» ብላችሁ ብቻ ጨምሩና አዲሱን በአዲስ ቁጥር፣ ቁ. 08 ብላችሁ ልቀቁ። ቀኑ ያለፈበት ቁ. 07 ይዞ የመጣ ሰው ራሱ ጽሑፉ ይነግረዋል። አምና አንድ ደንበኛ ያለፈበትን ይዞ ደውሎ ነበር። «ቀኑን ይመልከቱት እስቲ» አልኩት። ትንሽ ዝም ብሎ «አዎ፣ አልፏል። አዲሱን ላክልኝ» አለኝ። ጭቅጭቅ የለም፣ ከኪሴም የወጣ የለም።

ቡና ላኪዎች፣ ለናንተም ያው ነው። የታጠበ ሲወስድ ለኖረ ገዢ ያልታጠበ ስታቀርቡ መልኩም ሽታውም ይለይበታል፣ በዕቃው ላይ ጉድለት ያየ ይመስለዋል። ከዋጋው በፊት አዘገጃጀቱን፣ ከለመደው ቡና ጎን የተነሳ ፎቶና ናሙና አስቀድሙ። ዋጋው ወደብ ላይ ይሁን መጋዘን ላይ ጻፉ፣ ቀኑንም አትርሱ።

የባሕር ዳሩ ደንበኛዬስ? ሁለት ኪሎ ናሙና ላክሁላቸው፣ እቤታቸው ተቀቀለ። በሳምንቱ ደውለው «ይሄንን ያን ጊዜ ለምን አልነገርከኝም?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

የናንተን ረቂቅ ማስታወቂያ ከመልቀቃችሁ በፊት በውስጥ መስመር ላኩልኝ፣ አብረን እናየዋለን። የነገ የጤፍና የቡና ዋጋ እንደተለመደው ጠዋት ይለቀቃል።

መልካም ገበያ።